ዋጋውን ሳይሆን ቁልሉን እዩ

«አንድ ጥምረት ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ከሆነ የጠንካራው ካርታ ዋጋ ይጨመር፤ በቃ።»

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ተጫዋቹ ካርታ እየገዛ የራሱን ቁልል የሚገነባበት ጨዋታ ከሚነድፉ ወጣቶች ጋር በተቀመጥሁ ቁጥር ይህን እሰማለሁ፤ ሰልችቶኛል። ዋጋ መጨመር በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ማከም ነው።

ሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት እየተሰበሰቡ የጣናን ንግድ ጨዋታ የሚሞክሩ ወዳጆች አሉኝ። ተጫዋቹ በ10 ርካሽ ካርታዎች ቁልል ይጀምራል፤ በየተራው ከቁልሉ 5 ያነሣል፤ ባገኘው ሳንቲም የገዛውን ካርታ ቁልሉ ላይ ይጨምራል። «ታንኳ» ሳንቲም ያመጣል፤ «ዓሣ ገበያ» ያንን ሳንቲም እጥፍ ያደርገዋል። ሁለቱን የያዘ ሁሉ ስላሸነፈ ገበያውን ከ5 ወደ 6 ሳንቲም አስወደዱት። ጥምረቱ አንድ ተራ ዘገየ እንጂ ማሸነፉን አልተወም። ይባስ ብሎ ገበያውን ለሌላ ዓላማ ይገዙት የነበሩት 6 ሳንቲም ማሟላት አቃታቸው።

ጥፋተኛው ማንም ያልከሰሰው ባለ 2 ሳንቲሙ «ጽዳት» ነበር። ገንዘብም ነጥብም አይሰጥም፤ በተጫወቱት ቁጥር ግን ሁለት ደካማ ካርታዎችን ከጨዋታው ጨርሶ ያስወጣል። በደንብ ከተበወዘ ባለ 20 ካርታ ቁልል 5 ሲነሣ ታንኳና ገበያ አብረው የሚመጡት ከ19 ጊዜ አንዴ ነው። ቁልሉ 10 ሲሆን ከ9 ሁለቴ፣ 6 ብቻ ሲቀር ከ3 ሁለቴ ይሆናል። ካርታዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የቁልሉ ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ዶሚኒየን በተባለው የካርታ ጨዋታ ውስጥም «ቻፕል» የተባለው ካርታ 2 ሳንቲም ብቻ እያወጣ፣ እስከ 4 ካርታ ስለሚያስወግድ ብቻ እጅግ ከሚፈሩት ካርታዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ ጽዳት በአንድ ጊዜ አንድ ካርታ ብቻ እንዲያስወጣ አስደረግኋቸው፤ የገበያው ዋጋ ወደ 5 ተመለሰ። አሁን ቁልሉን ማሳነስ ብዙ ተራ ስለሚበላ፣ ሌላው እስከዚያ ነጥብ ይሰበስባል። ጽዳትን ጨርሶ ማውጣት ግን አይገባም፤ የመነሻው ርካሽ ካርታ እጅ እየሞላ ጨዋታው ይንዛዛል።

ጨዋታው ሲያልቅ የአሸናፊውን ቁልል ቁጠሩና መዝግቡ። ጥምረቱ የሚያሸንፈው በቀጭን ቁልል ብቻ ከሆነ ማስወገጃውን አርሙ። በ20 ካርታም የሚያሸንፍ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ካርታው ራሱ ረክሷልና ዋጋው ይነካ። ጎበዝ ተጫዋች ጥሩውን ጥምረት ቀድሞ ስለሚገዛ ውጤቱ ያሳስታል፤ ጀማሪው እንዲይዘው አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

«ማክሸፊያ ካርታ ጨምሩበት።»

ተቃዋሚው ጥምረቱን ካልያዘ ማክሸፊያው እጅ ላይ የሚደርቅ ሸክም ነው። ሦስት ሰው ሲጫወት ደግሞ የገዛው ይደክማል፣ የተመታው ይደክማል፣ ሦስተኛው ያለ ድካም ያሸንፋል።

«ሁሉም ካርታ እኩል ይጠንክር።»

እንግዲያው ከሚሸጡት ካርታዎች የትኛውንም ቢገዙ ለውጥ የለውም፤ የሚመረጥ ነገር ጠፋ ማለት ነው።