0.45 ከ0.6 ይበልጣል?

እዚህ ድሬዳዋ የማስጠናት አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ «0.45 ከ0.6 ይበልጣል» አለችኝ። ለምን ስላት «45 ከ6 ይበልጣላ!» አለች። ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ነው ያነበበችው።

ብዙዎቻችን «ዜሮ ጨምሪና 0.60 አድርጊው» እንላለን። መልሱ ይስተካከላል፤ ስህተቱ ግን እንዳለ ነው፤ አሁንም 60ን ከ45 እያወዳደረች ነው።

ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ወለሉ ላይ ዘረጋን። መነሻው 0፣ መቶ ሳንቲሜትሩ ጋ 1። በየ10 ሳንቲሜትሩ በጠመኔ ጭረት አደረገች፤ እያንዳንዱ ክፍተት አንድ አስረኛ ነው። 0.6 ስድስተኛው ጭረት ላይ ዋለ። ለ0.45 አራተኛው ጭረት ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ እስከ አምስተኛው ያለውን ክፍተት ለ10 ከፈለችና አምስት ትንንሽ መቶኛዎች ቆጠረች። ጣቷ መሃል ላይ ቆመ። «አምስተኛው ጋ እንኳ አልደረሰም እኮ!» አለች።

እዚህ ላይ ማቆም አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ልጅ «ለካ አጭሩ ነው የሚበልጠው» ብሎ ይደመድማል። ወዲያው 0.3ን እና 0.47ን ስጧቸው። 0.3 ይበልጣል ካሉ፣ አንዱን ስህተት በሌላ ተክተዋልና ወደ ሜትሩ መልሷቸው። እንደ 0.35 እና 0.62 ያሉ እኩል ርዝመት ያላቸው ጥንዶች ግን ለመፈተኛ አይሆኑም፤ በተሳሳተውም መንገድ መልሱ ትክክል ይመጣል።