ፍሮዝን ሾልደር ምንድን ነው? ከተበጠሰ ጅማትስ በምን ይለያል?

በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ስለ ትከሻ ሕመም ሲያስረዱ «ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት ያቃተው ሰው ጅማቱ ተበጥሷልና ኤምአርአይ ተነስቶ ኦፕራሲዮን ይሠራ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ በአለም ገና በምትገኝ አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ የተሰማራሁ ሰው ስሆን፣ ፊልሙን በፌስታል ይዞ፣ ይህንኑ ፍርድ ተቀብሎና ተጨንቆ የሚመጣ ታካሚ ስለማይጠፋኝ ነገሩን በጽሑፍ ለማስቀመጥ ወሰንሁ።

የክንዱን አጥንት ሉላዊ ራስ አቅፈው የሚይዙትና የሚያዞሩት የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች በሕክምናው ቋንቋ ሮታተር ከፍ ይባላሉ። ከእነርሱ ሥር ደግሞ መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የሚሸፍን ስስ አካል አለ፤ ይህ ከረጢት ሲቆጣ፣ ሲወፍርና ሲሸበሸብ የሚፈጠረው በሽታ አድሄሲቭ ካፕሱላይቲስ ወይም ፍሮዝን ሾልደር ነው። የጅማት መበጠስና ይህ በሽታ ሁለቱም ያሳምማሉ፣ ሁለቱም ሌሊት ያስነሳሉ፣ በሁለቱም ክንድ አልነሳ ይላል። ስለዚህ «ክንድህ ይነሳል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አይለይም። የሚለየው «ታካሚው ራሱ ማንሳት ያቃተውን ክንድ፣ እርሱ ዘና ብሎ ሳለ ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል ወይ?» የሚለው ነው።

የቆርቆሮ የግቢ በር ልብ በሉ። በሩ አልከፈት ሲል ጥፋቱ የማጠፊያው ዝገት ይሁን ወይም የገፊው ጉልበት ማነስ ከሩቅ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ብርቱ ጎረምሳ ጠርተን ሲገፋው ወለል ብሎ ከተከፈተ ችግሩ ከገፊው ነበር፤ ጎረምሳውም ገፍቶ እዚያው ቦታ ላይ ከቆመበት ግን ማጠፊያው ዝጓል። የተበጠሰ ጅማት የደከመው ገፊ ነው፤ የተኮማተረው ከረጢት የዛገው ማጠፊያ ነው። ነገር ግን በሩ ከበስተኋላው በትልቅ ድንጋይ ተደግፎም ሊሆን ይችላል፤ ወደዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ።

በምርመራው አልጋ ላይ በጣም የምተማመንበት እንቅስቃሴ አንድ ነው። ታካሚው ክርኑን ዘጠና ዲግሪ አጥፎ ጎኑ ላይ ያስጠጋል፤ እኔ ክርኑን በአንድ እጄ እንዳይሸሽ ይዤ በሌላው የእጁን አንጓ ወደ ውጭ አዞራለሁ፤ ከዚያ ከጤናማው ወገን ጋር አስተያያለሁ። የሮታተር ከፍ ጅማት ብቻ የተበጠሰበት ትከሻ በሌላ ሰው እጅ ወደ ውጭ ሲዞር ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው፤ የጎደለው የራሱ ኃይል ነው። በካፕሱላይቲስ ግን ቀድሞ የሚጠፋው ይህ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ቆዳ የተወጠረ የሚመስል፣ ቢለምኑት የማይለቅ ግድግዳ ይሰማል። እዚህ ላይ ብዙ መርማሪ የሚሳሳትበትን ልጨምር፦ ክንድን ወደ ጎን ሲያነሱ ጀርባ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት በእጅ ካልያዙት እርሱ አብሮ እየተነሳ የጠፋውን እንቅስቃሴ ይሸፍናል፤ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ «ዘጠና ዲግሪ ደርሷል» ተብሎ ይጻፋል። ደግሞም አውራ ጣትን ወደ ታች አድርጎ ክንድን ወደ ፊት በመዘርጋት የሚደረገው የኃይል ፈተና በተኮማተረ ትከሻ ላይም ስለሚያም «ደካማ» ያሰኛል። ያ ድካም የሕመም ድካም እንጂ የመበጠስ ማስረጃ አይደለም።

በቅርቡ ያየኋቸው እናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት ነው፤ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ፤ የስኳር ሕመም አለባቸው። ቀኝ ትከሻቸው ከሰባት ወር በፊት ያለ ምንም አደጋ መታመም ጀመረ። «ዶክተር፣ ነጠላዬን የምታለብሰኝ ልጄ ናት፤ መቀነቴን ከኋላ ማሰር ከተውሁ ቆየሁ» አሉኝ (ዶክተር አይደለሁም ብዬ ማረም ከተውሁ እኔም ቆየሁ)። የኤምአርአይ ውጤታቸው ከላይ ባለው ጅማት ላይ ከፊል መበጠስ እንዳለ ይገልጻል፤ ኦፕራሲዮንም ተነግሯቸዋል። ክርናቸውን ጎናቸው ላይ አስጠግቼ ስለካ ግራ ክንዳቸው ወደ ውጭ ስልሳ አምስት ዲግሪ ሲዞር ቀኙ አሥር ላይ ቆመ። የትከሻውን አጥንት ይዤ ክንዱን ወደ ጎን ሳነሳው ከስልሳ አላለፈም። በእነዚህ ላይ ኃይላቸውን ስፈትን፣ በሚችሉት ጠባብ ክልል ውስጥ፣ ክንዳቸው ወደ ውጭ ሲገፋ ብርቱ ነበር።

ከፊል መበጠሱስ? ይህ ነው የሚያናድደኝ። ዕድሜ ሲገፋ የጅማት መሳሳትና መበጠስ ምንም በማያማቸው ሰዎች ትከሻ ላይም በብዛት ይታያል። በሩ ላይ የተላጠ ቀለም ማየት በሩ ለምን እንደማይከፈት አያስረዳም። የካፕሱላይቲስ ምልክት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በብብት በኩል ያለው የከረጢቱ እጥፋት መወፈር፣ እንዲሁም ከፊት በሁለት ጅማቶች መካከል ያለው የስብ ክፍተት መደፈን ናቸው። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ጅማት ተበጥሷል ወይ?» ብቻ ከተጻፈ ግን አንባቢው ሐኪም እነዚህን ሳይጠቅስ ሊያልፍ ይችላል። አልትራሳውንድ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማትን በማግኘት ረገድ በሠለጠነ እጅ ከኤምአርአይ ብዙ አያንስም፤ ዋጋውም ይቀላል። ሆኖም ጅማቱ በደንብ እንዲታይ ታካሚው እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ማድረስ አለበትና፣ ያንን የማይችለው የተኮማተረ ትከሻ ምስሉን ያበላሻል።

ከሁሉ በፊት ግን ተራ ራጅ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩን የሚያሳየው እርሱ ነውና። በሌላ ሰው እጅም የማይዞር ትከሻ ሁሉ ፍሮዝን ሾልደር አይደለም። የመገጣጠሚያው ልስላሴ አልቆ አጥንት ከአጥንት የሚፋጭበት ሁኔታም ያንኑ ግድግዳ ይሰጣል። በተለይ በሚጥል በሽታ መናወጥ ወይም በኤሌክትሪክ መያዝ ምክንያት ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ከፊት በኩል በተነሳ አንድ ራጅ ብቻ ሊያመልጥ ስለሚችል በሁለተኛ አቅጣጫም መነሳት አለበት። በካፕሱላይቲስ ራጁ ብዙውን ጊዜ ምንም አያሳይም፤ የእናታችንም እንዲሁ ነበር።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይፈጸማል። ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቀው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዳቸው ያልተነሳላቸው አንድ ግንበኛ «ብርድ ነው፣ ተይዟል» ተብለው ለሦስት ወር ሲታሹ ቆይተው መጡ። እኔ ሳነሳው ክንዳቸው እስከ ላይ ወጣ፤ ቀስ ብለው ያውርዱት ብዬ ስለቀው ግን ዱብ አለ። በአደጋ የተበጠሰ ጅማት ሲቆይ ጡንቻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ በስብም ይተካል፤ ስለዚህ እኚህን ሰው በዚያው ሳምንት ወደ አጥንት ሐኪም ላክኋቸው።

እናቲቱ መገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ተሰጣቸው፤ መርፌው ለጥቂት ቀናት ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ በየዕለቱ እንዲለኩ ተነገራቸው። ከዚያ ሕመምን በማይቀሰቅስ መጠን ማሳሳብ ጀመርን፤ በሚቆጣበት ወቅት በኃይል መጎተት ያባብሰዋልና። በሦስተኛው ወር ወደ ውጭ መዞሩ አርባ ዲግሪ ደረሰ። ያን ጊዜ ክንዳቸው ለፈተናው የሚበቃ ስፋት አግኝቶ ስለነበር ኃይላቸውን እንደገና ስፈትን ከግራው እኩል ሆነ፤ ከፊል መበጠሱ ባለበት፣ ኦፕራሲዮኑም በሐኪማቸው ውሳኔ ቀረ።