ቪዲዮ እንደተጫነ ለምን ይደበዝዛል? ከፍተኛው ጥራትስ መቼ ይመጣል?

አዲስ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ እንዳለቀ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥራት 360p ብቻ ነው። ፊት ይደበዝዛል፣ ትንንሽ ጽሑፍ አይነበብም። በ4K የቀረጸ ሰው ያኔ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ፋይሉ ግን ደህና ነው፤ ያላለቀው ዩቲዩብ ጋ ያለው ሥራ ነው።

ተመልካች የሚያየው የተጫነውን ፋይል ራሱን አይደለም። ዩቲዩብ ኦርጅናሉን ተቀብሎ በተለያየ መጠን ብዙ ቅጂዎች ይሠራለታል። ከ144p ይጀምርና እስከ ኦርጅናሉ መጠን ይደርሳል። እያንዳንዱ ቅጂ እንደገና መታመቅ አለበት። ዝቅተኛው ጥራት ቀድሞ የሚወጣው ሆን ተብሎ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ሊንኩ ወዲያው ይሠራል። ትልልቆቹ ቅጂዎች ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ይጨመራሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ይቻላል። የ360p አንድ ፍሬም 640 በ360 ስለሆነ 230,400 ፒክስል አለው። የ4K ፍሬም ደግሞ 3840 በ2160 ነው፤ 8,294,400 ፒክስል ማለት ነው። ይህ 36 እጥፍ ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ዩቲዩብ 60 ፍሬም የሚሰጠው ከ720p ጀምሮ ነው፤ 360p ላይ ወደ 30 ይቀንሰዋል። ስለዚህ በየሰከንዱ የሚታመቀው ፒክስል 72 እጥፍ ይሆናል።

ኮዴኩም፣ ማለትም ቪዲዮው የሚታመቅበት ዘዴ፣ የራሱ ድርሻ አለው። ዝቅተኞቹ ቅጂዎች በቆየው H.264 ይሠራሉ፤ እሱ ፈጣን ነው። ለ4K ግን ዩቲዩብ የሚጠቀመው VP9 ወይም AV1 ነው። እነዚህ ፋይሉን በደንብ ያሳንሱታል፣ ለተመልካቹ ዳታም ይቆጥባሉ። በምትኩ ለማመቅ ብዙ ስሌት ይፈልጋሉ።

ታዲያ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዩቲዩብ ራሱ የሚሰጠው ምሳሌ አለ፦ በ4K እና በሰከንድ 30 ፍሬም የተሠራ የ60 ደቂቃ ቪዲዮ ሙሉ ጥራቱ እስኪደርስ እስከ 4 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። 60 ፍሬም ከሆነ ከዚያም በላይ ይቆያል። አጭር የ1080p ቪዲዮ በጣም ቀድሞ ይደርሳል።

አንድ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ እንውሰድ፤ 4K ነው፣ 60 ፍሬም፣ በሰከንድ 60 ሜጋቢት። ፋይሉ ወደ 9 ጊጋባይት ይመጣል። የመጫኛው ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜጋቢት ከሆነ መጫኑ ብቻ አንድ ሰዓት ይበላል። የማመቁን ጊዜ በዩቲዩብ ምሳሌ ብንገምት፣ ለ20 ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይደርሰዋል። ፍሬሙ እጥፍ ስለሆነ ወደ ሁለት ሰዓት ከ40 እናስገባው። በድምሩ አራት ሰዓት ሊጠጋ ነው። ይህ ግምት እንጂ ቀጠሮ አይደለም፤ ፈጥኖም ሊያልቅ ይችላል። እኔ ብሆን ግን ቪዲዮው ከሚለቀቅበት ሰዓት 5 ሰዓት ቀድሜ መጫን እጀምራለሁ።

በዚህ መሃል ቪዲዮውን Unlisted ወይም Private አድርጎ ማቆየት ነው የሚሻለው። ለሕዝብ ክፍት ባይሆንም ማመቁ ይቀጥላል። ቪዲዮ ብዙ ተመልካች የሚያገኘው እንደወጣ ባሉት ሰዓታት ነውና፣ እነሱን በ360p መቀበል ያሳዝናል።

ማለቁን ለማወቅ ማጫወቻው ላይ ያለችውን ጥርሳም ጎማ የምትመስል የSettings ምልክት ነክቶ Quality ውስጥ መግባት ነው። 2160p60 ተዘርዝሮ ከታየ ደርሷል ማለት ነው። ካልታየ ገጹን እንደገና መክፈት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተከፈተ ገጽ የድሮውን ዝርዝር ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጥራቱ ዝርዝሩ ውስጥ እያለ ምስሉ ከደበዘዘ ግን ችግሩ ሌላ ነው። Auto የተባለው ምርጫ ኔትወርኩን አይቶ ዝቅ አድርጎት ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Stats for nerds ሲከፈት፣ በዚያ ቅጽበት እየተጫወተ ያለው መጠን Current / Optimal Res በሚለው መስመር ላይ ይነበባል።

ብዙዎች ትዕግሥት አጥተው ቪዲዮውን ያጠፉና እንደገና ይጭናሉ። ይህ ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል፣ ሊንኩም ይቀየራል።

አንድ ቀን ሙሉ አልፎም ከፍተኛው ጥራት ካልመጣ፣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ኦርጅናሉ ፋይል ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በ720p አውጥቶት ከሆነ ዩቲዩብ 1080p አይፈጥርለትም። ያኔ መጠበቁ ዋጋ የለውም፤ ከኤዲቲንጉ በትክክለኛው መጠን አውጥቶ እንደገና መጫን ግድ ይላል።