ጭነት የለም ማለት አይንቀሳቀስም ማለት አይደለም

«ኖዱ ላይ አግድም ጭነት የለም፤ ስለዚህ አግድም እንቅስቃሴው u ዜሮ ነው አይደል?»

አይደለም! አዳማ ውስጥ ሲቪል የሚማሩ ልጆችን ሳስጠና በየሴሚስተሩ የምሰማው ነገር ነው፣ እውነቴን ነው ሰልችቶኛል። ሒሳቡ ስለሚያጥርላቸው ደስ ብሏቸው ይቀጥላሉ። እስቲ አንድ ትረስ እስከ መጨረሻው እንሥራ።

የሱቅ በር ላይ ያለ ጥላ የተሸከመ ብረት አስቡ። ኖድ 1 ግድግዳው ላይ (0, 0) ነው። ኖድ 2 ከሱ 3 ሜትር ከፍ ብሎ (0, 3) ላይ ነው። ሁለቱም ፒን ናቸው። ኖድ 3 ጫፉ ነው፣ (4, 0)። ከ1 ወደ 3 አግድም ብረት፣ ከ2 ወደ 3 ደግሞ ሰያፍ ብረት አለ። ጫፉ ላይ 12 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ተጭኗል። E 200 ጊጋ ፓስካል፣ የክሮስ ሴክሽኑ ስፋት 500 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሁለቱም EA 100,000 ኪሎ ኒውተን ይሆናል።

አግድሙ 4 ሜትር ስለሆነ ስቲፍነሱ EA/L 25,000 ነው፣ ያም ሙሉ በሙሉ ወደ u ይሄዳል። ሰያፉ 5 ሜትር ነው፤ EA/L 20,000፣ ከ2 ወደ 3 ስንሄድ ኮሳይኑ c = 0.8፣ ሳይኑ s = -0.6። በ c² ሲባዛ 12,800፣ በ s² ሲባዛ 7,200፣ በ cs ሲባዛ -9,600 ይሰጣል። ሁለቱም ብረቶች ኖድ 3 ላይ ስለሚገናኙ በየቦታቸው ይደመራሉ። ኖድ 1 እና 2 ስለማይንቀሳቀሱ ረድፍና አምዳቸውን ሰርዙ፤ የሚቀረው ይሄ ብቻ ነው፦

```
| 37800  -9600 | | u3 |   |   0 |
| -9600   7200 | | v3 | = | -12 |
```

ዜሮው ያለው በቀኝ በኩል፣ ጭነቱ ጋ ነው። u3 ገና አልታወቀም። ጭነቱን የምናውቅበት አቅጣጫ ላይ እንቅስቃሴውን እንፈልጋለን፣ ሳፖርት ያለበት ላይ ግን እንቅስቃሴው ዜሮ ነው፣ የምንፈልገው ሪአክሽኑን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ዜሮ የሚያደርግ ሕግ የለም።

ዲተርሚናንቱ 180,000,000 ነው። u3 = -0.00064 ሜትር ይወጣል፣ ጫፉ 0.64 ሚሊ ሜትር ወደ ግድግዳው ይገባል ማለት ነው። v3 = -0.00252 ሜትር ነው፤ 2.52 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አግድሙ ብረት 25,000 × -0.00064፣ ማለትም 16 ኪሎ ኒውተን ኮምፕሬሽን ይዟል። ሰያፉ ደግሞ 20 ኪሎ ኒውተን ቴንሽን።

አሁን u3ን ዜሮ እናድርገውና እንይ። ከሁለተኛው ረድፍ v3 ወደ -1.67 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሰያፉ አሁንም 20 ኪሎ ኒውተን ይሰጣል፤ ብዙዎችን የሚሸውደውም እሱ ነው። አግድሙ ግን ባዶ ሆነ። የመጀመሪያውን ረድፍ ስታባዙ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ 16 ኪሎ ኒውተን ይወጣል። ይህን 16 ማን ያዘው? ሥዕሉ ላይ የሌለ ሳፖርት ተክላችኋል ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ በዚሁ መንገድ አግድሙን «ምንም አይሸከምም» ብሎ በጣም ቀጭን ብረት መርጦለት ነበር። 4 ሜትር የሚረዝም ብረት ኮምፕሬሽን ሲይዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሰጋው በክሊንግ ነው። ስለዚህ u3ና v3ን ካገኛችሁ በኋላ ወደ ሁለቱም ረድፎች መልሳችሁ አስገቧቸው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ሰያፉን ከ3 ወደ 2 ብጀምረው መልሱ አይገለበጥም?»

c እና s አብረው ምልክት ስለሚቀይሩ c²፣ s² እና cs እንዳሉ ይቀራሉ። አደጋው cን ከአንዱ አቅጣጫ፣ sን ከሌላው መውሰድ ነው። ያኔ -9,600 ወደ +9,600 ይለወጣል፣ ጫፉም ከግድግዳው 0.64 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ሒሳቡ ምንም ሳይንገራገጭ ያልቃል፣ ግን የፈታችሁት ሰያፉ ከታች ደግፎ የያዘውን ሌላ ትረስ ነው። ሁልጊዜ የመጨረሻው ኖድ ሲቀነስ የመጀመሪያው፣ ለ x ም ለ y ም።

«ሙሉው 6 በ 6 ማትሪክስ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ሆነብኝ፣ የት ተሳሳትኩ?»

የትም። ሳፖርት ሳይገባበት ትረሱ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነው፣ ዜሮ ካልሆነ ነው መደንገጥ ያለባችሁ። ዲተርሚናንት በማውጣትም አትድከሙ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የ x አምዶችን ብቻ ደምሩ፣ ከዚያ የ y አምዶችን፣ ሁለቱም ዜሮ መምጣት አለባቸው። ካልመጡ የተሳሳተው ረድፍ እዚያው ይታያችኋል። ሳፖርቱን አስገብታችሁም ዜሮ ከሆነ ግን ወይ የረሳችሁት ብረት አለ ወይ ትረሱ ራሱ አይቆምም።

«ስቲፍነስ እንዴት ኔጋቲቭ ይሆናል?»

ዋናው ዳያጎናል ላይ አይሆንም፣ ከሱ ውጪ ግን እንደ ልቡ።