የታሮት «ግንብ» ካርድ ለተጨነቀ ሰው እንዴት ይነገራል

ግንቡ ከ78ቱ የታሮት ካርዶች ዋና ከሚባሉት 22ቱ የሚመደብ ሲሆን፣ ቁጥሩ 16 ነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ መጫወቻ ካርታ ሆኖ ተጀመረ። ዕጣ ፈንታን ለማንበብ በሰፊው መዋል የጀመረው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሥዕል ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችውና እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣው ነው። በጥቁር ሰማይ ሥር መብረቅ ግንቡን መትቶታል፤ አናቱ ላይ የነበረው ዘውድ ተነቅሏል፤ በመስኮቶቹ እሳት ይንቦገቦጋል፤ ሁለት ሰዎች በጭንቅላታቸው ቁልቁል ይወርዳሉ።

የካርድ አንባቢው ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ሥዕል ነው። ጠያቂው ሰው አንባቢው አፉን ከመክፈቱ በፊት አይቶታል። ስለዚህ «ምንም አይደለም፣ ለውጥ ማለት ነው» ማለት አያረጋጋም፤ ከዚያ በኋላ የሚባለውን ሁሉ እንዲጠራጠር ያደርገዋል እንጂ።

ባሏ ከቤት ከወጣ ሦስት ሳምንት የሆናትን ሴት እንውሰድ። ጥያቄዋ «ይመለሳል ወይ?» የሚል ነው። ጠንቃቃ አንባቢ ካርዱን ከመበወዙ በፊት ጥያቄውን ያስተካክላል፦ «የእሳቸውን ልብ ከዚህ ላይ አነባለሁ ብል እዋሽዎታለሁ። እርስዎ አሁን ያሉበትን ብናይስ?» ከተስማማች ሦስት ካርድ ይዘረጋል፤ ያለፈውን፣ ያለውንና ከፊት ያለውን። መጀመሪያ የወጣው የሳንቲም አራት ነው፤ አንድ ሰው ሳንቲሙን ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፏል። መካከል ላይ ግንቡ ወጣ። ሦስተኛው የጽዋ አምስት ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው የፈሰሱ ሦስት ጽዋዎችን ቁልቁል ያያል፣ ከኋላው ሁለት ጽዋዎች ቆመዋል።

አነጋገሩ አጭር መሆን አለበት፦ «ይህ ግንቡ ይባላል። ከባድ ካርድ ነው፤ የቆመ ነገር በድንገት መፍረሱን ያሳያል። የወጣው ባለው ነገር ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አዲስ አደጋ ይመጣል ብዬ አላነበውም። እርስዎ አሁን የነገሩኝን ነው የማየው።» ከዚያ ዝም ይላል። ይህች ዝምታ ለብዙ አንባቢ ከንግግሩ ትከብዳለች፤ በጭንቀት የሚለፈልፍ ሰው ማጽናኛ እየመሰለው ትንቢት ይጨምራል። ሴትዮዋ ትንሽ ከተረጋጋች «ከሥዕሉ ዓይንዎ የት ላይ ያርፋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «የሚወድቁትን የሚይዛቸው ሰው የለም» ካለች ዋናው ጉዳይ ወጣ ማለት ነው፤ ንግግሩ ከባሏ መመለስ ወደ አጠገቧ ማን እንዳለ ይዞራል። የጽዋ አምስትም በዚያው መንገድ ይነበባል። የቆሙት ሁለት ጽዋዎች ይነገራሉ፣ የፈሰሱት ሦስቱም አይካዱም።

ግንቡ ከፊት ባለው ቦታ ላይ ቢወጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። አንባቢው ቀን አይቆርጥም፤ ሞት፣ በሽታ፣ ፍቺ ብሎ ስም አይሰጥም። «ካርዱ ያልጸና ነገርን ያሳያል፤ እርስዎ ራስዎ አልጸናም ብለው የሚሰጉበት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ካለች በዚያው ይተወዋል።

ከተለመዱት ስህተቶች የከፋው ግን ማስፈራራት አይመስለኝም። በልማዳዊው ትርጉም መብረቁ የሚመታው በሐሰት ላይ የተገነባውን ነው። ይህ ለራሱ ኩራት ለሚጨነቅ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ልጇ ለሞተባት ወይም ለተደበደበች ሴት ግን «መሠረቱ ልክ ስላልነበረ ነው» ማለት ጥፋቱን በእሷ ላይ መጫን ነው። «ለበጎ ነው» የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሌላው ስህተት የተሻለ ካርድ እስኪመጣ ተጨማሪ መሳብ ነው። በቁጥር ከግንቡ ቀጥሎ 17ኛው ኮከብ ስለሚመጣ፣ ያልወጣውን ኮከብ ጠርተው የሚያጽናኑም አሉ፤ ይህ ከሰውየው ንባብ ውጭ የሆነ ተስፋ ነው። መፍረሱን በገንዘብ አስቀራለሁ የሚል አንባቢ ደግሞ አጭበርባሪ ነው።

ንባቡ እየተበላሸ መሆኑ በጠያቂው ይታወቃል። ስለ ሥዕሉ ማውራቱን ትቶ «ታዲያ መቼ ነው?» እያለ ከደጋገመ፣ ካርዱን እንደ ፍርድ ይዞታል ማለት ነው። አንባቢው ያኔ ያላወቀውን አላውቅም ብሎ በግልጽ ይናገራል እንጂ አዲስ ካርድ አይዘረጋም። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከተሰማ ግን ካርዶቹ ይሰበሰባሉ። ራስን ስለማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም፤ ስለዚህ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቃል። መልሱ አዎ ከሆነ ሰውየው ብቻውን አይተውም፤ የሚያምነው ዘመድ ወይም ወዳጅ እዚያው ይደወልለታል፣ አደጋው የቀረበ ከሆነም ድንገተኛ እርዳታ ይጠራል።