መብረቅ እንዴት ይፈጠራል? ነጎድጓዱስ ለምን ይዘገያል?

በሐምሌና በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ የደጋው ሰማይ ሲጠቁር፣ መጀመሪያ ብልጭታው ይታያል፤ ነጎድጓዱ ቆይቶ ይከተላል። ብዙዎቻችን «ደመና ከደመና ሲጋጭ ነው» እየተባልን አድገናል። ግጭትስ አለ፤ የሚጋጩት ግን ደመናዎቹ ሳይሆኑ በአንዱ ደመና ሆድ ውስጥ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው።

እርጥበት ያዘለ ሞቃት አየር ከመሬት ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ እርጥበቱም ጠብታ ይሆናል። መብረቅ የሚያወጣ ደመና ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሚደርስበት የደመናው ክፍል ሦስት ነገሮች አብረው ይገኛሉ፤ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ገና ያልረጋ የውሃ ጠብታ፣ ብናኝ የሚያህል ቀላል የበረዶ ቅንጣት፣ እንዲሁም ጠብታዎች እየተለጠፉበት የከበደ የበረዶ እንክብል። ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ቀላሉን ቅንጣት ይዞት ይወጣል፤ እንክብሉ ግን ክብደቱ ይይዘዋል። በመንገድ ላይ ሲላተሙ ብዙውን ጊዜ እንክብሉ ኔጌቲቭ፣ ቅንጣቱ ደግሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይለያያሉ። ይህ ሳያቋርጥ ሲደጋገም የደመናው አናት ፖዘቲቭ፣ ወገቡ ኔጌቲቭ ይሆናል። ሽቅብ የሚነፍሰው ኃይለኛ አየር ባይኖር ሁለቱ ተደባልቀው ይቀሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚያካፋ ዝርግ ደመና እምብዛም የማያጓራውም ለዚህ ነው።

አየር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ልዩነቱ ሲበረታ ግን ይሸነፋል። እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ነገር አለ፤ በደመና ውስጥ የተለካው የኤሌክትሪክ ኃይል አየርን በራሱ ለመስበር ከሚያስፈልገው በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ፍንጣሪ ምን እንደሚለኩሳት እስካሁን የተቋጨ መልስ የለም።

አብዛኛው መብረቅ እዚያው ደመናው ውስጥ ያልቃል። ወደ ምድር የሚመጣው ግን በአንድ ዝላይ አይወርድም። ዐይን የማይለየው ቀጭን መስመር በየ50 ሜትሩ ገደማ እየቆመና እየቀጠለ፣ እየተከፋፈለም ይወርዳል። መሬት ሊደርስ ሲል ከዛፍ፣ ከቤት ጣሪያ ወይም ሜዳ ላይ ከቆመ ሰው ሌላ ፍንጣሪ ወደ ላይ ይነሣና ይቀበለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። ያኔ 30,000 አምፔር ገደማ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ የምናየው ደማቅ ብርሃንም ይኸው ነው። በዚያው መንገድ ሦስት አራት ጊዜ ሊደጋገም ስለሚችል መብረቁ ሲርገበገብ ይታያል።

ነጎድጓድ የሚወለደውም በዚሁ ቅጽበት ነው። መንገዱ ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ግን በጥቂት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ውስጥ 30,000 ዲግሪ ያህል ይግላል። ይህ የፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ነው። የጋለው አየር በዙሪያው ያለውን እንደ ፍንዳታ ይገፋዋል፤ ግፊቱም እየሰፋ ሲሄድ ድምፅ ይሆናል።

ብልጭታውና ድምፁ እንግዲህ አብረው ይነሣሉ፤ የሚለያቸው የመንገድ ፍጥነት ነው። ብርሃን አንድ ኪሎ ሜትር ለማለፍ የሰከንድ 300,000ኛ ክፍል ይበቃዋል። ድምፅ በሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል።

አንድ ሰው ብልጭታውን አይቶ መቁጠር ጀመረ እንበል። ድምፁ በ6ኛው ሰከንድ ጀምሮ እስከ 18ኛው ሰከንድ አጉረመረመ። 6ን ለ3 ሲያካፍል የመብረቁ ቅርብ ጫፍ 2 ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበረ ያውቃል። የመጨረሻውን ድምፅ ያመጣው ክፍል ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተራራ የተመለሰ የገደል ማሚቶ ካልተቀላቀለበት፣ መብረቁ ቢያንስ 4 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው። ነጎድጓድ የሚረዝመው ስለዚህ ነው፤ አንድ ድምፅ ሳይሆን ከረጅሙ መንገድ ከየስፍራው በተራ የሚደርስ ድምፅ ነው። መብረቁ አጠገብ ሲወድቅ ግን «ጧ!» ብሎ ይሰነጠቃል፤ በዚያን ጊዜ ለመቁጠርም ፋታ የለም።

ቆጠራው የሚነግረን ያለፈው መብረቅ የት እንደነበረ ነው፤ ቀጣዩ የት እንደሚወድቅ አይናገርም። መብረቅ ከደመናው ወጥቶ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊመታ ስለሚችል፣ ዝናቡ ገና ሳይደርስ ሜዳ ላይ ያለ እረኛም ከአደጋው አያመልጥም። ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው፤ ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ወደ ላይ የሚነሣውን ፍንጣሪ መጠጋት ነው።

ማታ ማታ በአድማስ ላይ ድምፅ የሌለው ብልጭታ የሚታየውስ? እሱም ነጎድጓድ አለው። ሆኖም ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ፣ አየሩ ወደ ላይ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ድምፁ ሽቅብ ይጎብጣል። ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር ወዲያ ከቆመ ሰው ራስ በላይ ያልፋል፤ ብርሃኑ ብቻ ይደርሰዋል።