በደሴ የኦንላይን ሱቆች የቪው፣ የሴቭና የሽያጭ ቁጥሮች አነባበብ

ደሴ ውስጥ ልብስና ጫማ በስልክ የሚሸጡ ሱቆች ባብዛኛው ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ይሠራሉ። ደንበኛው ዕቃውን ያያል፣ በውስጥ መስመር ይጠይቃል፣ ከዚያ ይደውላል ወይም ፒያሳ ሱቁ ድረስ ብቅ ይላል። የሚከፍለው በቴሌብር ወይም በእጁ ነው። ሽያጩ እንዲህ ከአፑ ውጭ ስለሚያልቅ አፑ አይመዘግበውም። ስለዚህ ቁልፉ ደብተር መያዝ ነው።

አንድ የጅልባብ ሱቅ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው። ኢንስታግራም ላይ የለጠፈው ቪዲዮ 20,000 ሪች አገኘ፤ ማለትም ያን ያህል አካውንት ጋር ደረሰ። የቴሌግራም ፎቶው ግን 900 ቪው ብቻ አለው። ባለሱቁ ለእያንዳንዱ ፖስት መለያ ቁጥር ሰጥቷል። ከቴሌግራሙ ፖስት ሥር ያለው ሊንክ እንዲህ ነው፦

```
t.me/username?text=D14
```

`username` መልእክት በሚቀበለው የሱቁ ቴሌግራም አካውንት ዩዘርኔም ይተካል። ደንበኛው ሲነካው D14 የሚለው ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ መላክ ብቻ ነው የቀረው። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ መለያ፣ የጠየቀ፣ የከፈለ። በሳምንቱ መጨረሻ ከቪዲዮው 30 ሰው ጠይቆ 2 ገዝቷል። ከቴሌግራሙ 14 ጠይቆ 6 ገዝቷል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ኢንስታግራም የአካውንቱ ፖስቶች የደረሳቸው ሰዎች በብዛት የሚገኙባቸውን ከተሞች ያሳያል። እዚህ አንደኛዋ አዲስ አበባ ነበረች፤ ሱቁ ደግሞ የሚያደርሰው ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ነው። ቪዲዮው ላይ ዋጋም አልተጻፈም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ሲባል ጠያቂው ይበዛል፣ ግን አብዛኛው ዋጋ ሰምቶ ዝም ይላል። ስለዚህ የኢንቦክስ ብዛት ብቻውን የገዢ ፍላጎትን አያሳይም። ዋጋና ሳይዝ የተጻፈበት ፖስት ጠያቂው ያንሳል፣ ከጠየቀው ውስጥ የሚገዛው ግን ይበዛል።

ሴቭ ላይ ሐሳብ ይለያያል። አንዳንዶች ደመወዝ እስኪወጣ የሚጠብቅ ገዢ ምልክት ነው ይላሉ። ይህ ትክክል ይመስላል፤ በተለይ ከኢድ በፊት። ሌሎች ግን ሴቭ የሚያደርገው ሞዴሉን ለልብስ ሰፊ ሊያሳይ ነው ባይ ናቸው። ኢንስታግራም ብዛቱን እንጂ ማን ሴቭ እንዳደረገ ስለማይናገር ክርክሩን በአፑ መፍታት አይቻልም። ሴቭ የበዛበትን ዕቃ የወር ደመወዝ ሲወጣ በዚያው መለያ መልሶ መለጠፍና ደብተሩን ማየት ነው።

የቴሌግራም ቪውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፖስቱ ፎርዋርድ ሲደረግ እዚያ ያዩትም ዋናው ላይ ይደመራሉ። የተገዛ ቪውም አለ፤ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘላል፣ ፎርዋርድ የለም፣ ጠያቂም የለም።

ስድስት ሽያጭ ደግሞ ትንሽ ነው። አንዲት እናት ለልጆቿ ሦስት ከገዛች ሳምንቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ከዕቃው ብዛት ይልቅ የገዢው ብዛት ይቆጠራል፤ ሁለት ፖስቶችን ለማወዳደርም ቢያንስ የአንድ ወር መዝገብ ያስፈልጋል።